ኮቱ ከመልበሱ በፊት

ፎቶ ቤቶች ደጋግመው የሚሰሙት ጥያቄ አለ፦ «የአባታችን ሙት ዓመት ደርሷል፤ ያለን ፎቶ ይኸው ብቻ ነው። ኮትና ክራቫት አልብሱልንና በትልቁ አትሙልን።» ፎቶው በቴሌግራም የመጣ ነው። አባት ሰርግ ቤት ከሰው መሃል ሹራብ ለብሰው ተቀምጠዋል። ብዙ ባለሙያ ወዲያው ኮት ፍለጋ ይገባል። እኔ ግን ኮቱ ኋላ የሚደርስ ሥራ ነው ባይ ነኝ። ፊቱ ለህትመት ካልተዘጋጀ የቱንም ያህል ያማረ ኮት ቢደረብበት አንገቱ ላይ የተለጠፈ መሆኑ ያስታውቃል።

መጀመሪያ ቤተሰቡን ዋናው ፎቶ የት እንዳለ መጠየቅ ነው። ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ሲልክ ረጅሙን ጎን አብዛኛውን ጊዜ ወደ 1280 ፒክስል ያወርደዋል፤ በፋይል መልክ ሲላክ ግን አይነካውም። አልበም ውስጥ 10 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ የወረቀት ፎቶ ከተገኘ ደግሞ በ600 ዲፒአይ ስካን ሲደረግ 2400 በ3500 ገደማ ፒክስል ይሰጣል። ይህ አንድ የስልክ ጥሪ ብዙ ሰዓት ሥራ ያስቀራል።

ሌላ ፎቶ የለም እንበል። ከሰርጉ ፎቶ ላይ አባትን ከራስ እስከ ደረት ቆርጠን ስናወጣ የቀረን 480 በ600 ፒክስል ነው። ቤተሰቡ 40 በ50 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። በዚያ መጠን ለአንድ ኢንች የሚደርሰው 30 ፒክስል ብቻ ነው፤ ጥሩ የፎቶ ህትመት ግን 300 አካባቢ ይፈልጋል። በ20 በ25 ከታተመ ግን 61 ይሆናል። ሦስት እጥፍ ሲጎላ 1440 በ1800 ፒክስል፣ ማለትም በኢንች 183 ገደማ ይደርሳል፤ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ከአንድ ሜትር ርቀት ለሚያዩት በቂ ነው። ስለዚህ የህትመቱ መጠን ሥራው ሳይጀመር ከቤተሰቡ ጋር መቆረጥ አለበት። ሦስት እጥፍ ማጉላት ፊቱን አይጎዳውም፤ ስድስትና ሰባት እጥፍ ግን ቆዳውን ሰም ያስመስለዋል።

ከማጉላት በፊት ማጽዳት ይቀድማል። ፎቶውን 200 ፐርሰንት አጉልታችሁ ስታዩ ጉንጩ ላይ ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ፣ የሹራቡ ጠርዝ ዙሪያ ደግሞ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይታያሉ። ነጠብጣቡ በደብዛዛ ብርሃን ከማንሳት የመጣ ነው፤ አራት ማዕዘኖቹ ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል እየከፋፈለ ስለሚያምቀው የሚፈጠሩ ናቸው። ሳይጸዱ ከጎሉ አብረው ይጎላሉ። በፎቶሾፕ Reduce Noise ውስጥ የቀለሙን ነጠብጣብ ጠንከር አድርጎ ማጥፋት፣ Remove JPEG Artifact ላይ ምልክት ማድረግ፣ ዋናውን Strength ግን ከ3 ወይም ከ4 አለማሳለፍ ነው። የዓይን ሽፋሽፍትና የጢም ፀጉር መጥፋት ከጀመረ በዝቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ Image Size ውስጥ Preserve Details 2.0 መርጦ ሦስት እጥፍ ማጉላት ነው። የጎደለውን ዝርዝር ራሳቸው የሚፈጥሩ ፕሮግራሞችም አሉ፤ ዓይንና ጥርስን ያጠራሉ፣ ነገር ግን የሌላ ሰው ሊያደርጉት ይችላሉ። ለሟች መታሰቢያ በሚሆን ፎቶ ላይ ይህ ከባድ ነገር ነው፤ ልጆቹ «እሱን አይመስልም» ካሉ ጥራቱ ዋጋ የለውም። ከተጠቀማችሁ ውጤቱን ከዋናው ጎን አስቀምጣችሁ አመሳክሩ።

ኮቱ አሁን ይመጣል። የኮቱ ፎቶ ከሚፈለገው መጠን የሚበልጥና ብርሃኑ ፊቱ ላይ ባረፈበት አቅጣጫ የመጣ ይሁን። አባት ከግራ በኩል በርቶባቸው ኮቱ ከቀኝ ከበራ ምንም ማስተካከያ አያድነውም። ኮቱ ከፊቱ ይልቅ የጠራ ስለሚሆን በGaussian Blur አንድ ፒክስል ያህል ማለስለስ፣ ከዚያ በAdd Noise ሁለት ፐርሰንት ያህል ባለ አንድ ቀለም ነጠብጣብ መጨመር ያስፈልጋል። ጥቁረቱንም አስተያዩ፦ የአባት ፀጉር ጥላ ግራጫ ሆኖ ኮቱ ድቅድቅ ጥቁር ከሆነ ኮቱን ማንሳት ነው። አገጩ የሸሚዙ ኮሌታ ላይ የሚጥለውን ጥላ በMultiply ሌየር ለስላሳ አድርጎ መሳል አይዘንጋ፤ አንገትን ከልብሱ ጋር የሚያዋህደው ይህ ጥላ ነው።

በመጨረሻ ሁሉንም አንድ ላይ በልኩ ማሾል ነው። Image Size ውስጥ Resample አጥፍታችሁ ስፋቱን 20 ሳንቲ ሜትር በሉት፤ ቁመቱ ራሱ 25 ይላል፣ ከፒክስሉም አንድም አይነካም። ማተሚያ ቤቱ 20 በ30 ወረቀት ላይ «ሙሉ ይሁን» ብሎ ከሳበው ከጎንና ከጎን ትከሻ ይቆረጣል፤ ስለዚህ መጠኑን በቃልም ንገሯቸው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ዓይንና ኮሌታውን የያዘ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ በትክክለኛው መጠን አሳትማችሁ በቀን ብርሃን እዩት። ስክሪን ላይ ያልታየ የአንገት ጠርዝ ወረቀት ላይ ይታያል፤ ከታየ ሌየሩ ገና አልተጨፈለቀምና ተመልሶ ይስተካከላል።