ወራት በአግድም ሲደረደሩ፦ ስለ ሰፊና ረጅም ሰንጠረዥ ተረትና እውነታ

ለዓይን ግልጽ የሆነ ሰንጠረዥ ለግራፍ መሥሪያ ሶፍትዌርም እንዲሁ ግልጽ ነው የሚለው እምነት በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ነው። የአዲስ አበባን፣ የጎንደርንና የደብረ ማርቆስን የአንድ ዓመት ወርኃዊ ዝናብ የያዘ ሰንጠረዥ ለአብነት ቢወሰድ፣ እያንዳንዱ ከተማ አንድ ረድፍ ሲይዝ፣ ከ `Jan` እስከ `Dec` ያሉት ወራት 12 ዓምዶች ይሆናሉ፤ ይህም ሰፊ ቅርጽ ይባላል። እንደ ታብሎ ያሉ መሣሪያዎች ግን እያንዳንዱን ዓምድ ራሱን እንደቻለ መለኪያ ስለሚቆጥሩ 12 መለኪያዎችን ያያሉ እንጂ፣ በአግድም ዘንግ ላይ የሚቀመጥ «ወር» የሚባል ዓምድ አያገኙም።

ሰንጠረዡን ማገላበጥ፣ ማለትም ረድፉን ዓምድ ዓምዱንም ረድፍ ማድረግ ይበቃል የሚሉም አሉ። ይህ ወራቱን በአንድ ዓምድ ቢሰበስብም ከተሞቹን በተራቸው በሦስት ዓምዶች ስለሚበትን፣ ችግሩን ከወር ወደ ከተማ ከማዛወር አያልፍም። የሚፈለገው ረጅም ቅርጽ ነው፤ በዚህም እያንዳንዱ ረድፍ ከተማውን፣ ወሩንና የዝናቡን መጠን ብቻ ስለሚይዝ አንድ ረድፍ ለአንድ ልኬት ይውላል። የከተማው ስም 12 ጊዜ መደጋገሙ ብክነት አይደለም፤ ልኬቱ የማን እንደሆነ የሚነግረው እርሱ ነውና። ሰንጠረዡ የዓመቱን ድምር የያዘ `Total` የሚባል ዓምድም ካለው፣ ፓንዳስ በተባለው የፓይተን ቤተ መጻሕፍት ሥራው በሚከተለው ትእዛዝ ይከናወናል፦

```
long = df.drop(columns="Total").melt(
    id_vars="City", var_name="Month", value_name="Rain")
```

ውጤቱ 3 ከተማ በ12 ወር ተባዝቶ 36 ረድፍ ሊሆን ይገባል። 39 ከሆነ የዓመቱ ድምር ዓምድ ሳይወገድ ቀርቶ እንደ 13ኛ ወር ገብቷል ማለት ነው፤ በግራፉም ላይ ሌሎቹን ወራት ሁሉ የሚያሳንስ ግዙፍ ዝናብ ሆኖ ይታያል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው ግን ቅርጹ ከተቀየረ በኋላም ወራቱ በራሳቸው ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ የሚለው ግምት ነው። ለሶፍትዌሩ `Jan` ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ብዙ መሣሪያዎች በፊደል ተራ ይደረድሩታል፤ በዚህም `Apr` ይቀድማል፣ `Aug` ይከተለዋል፣ `Jul` ስድስተኛ ይሆናል፣ `Sep` ደግሞ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። በእነዚህ ከተሞች አንድ ወጥ ጉብታ ሆኖ መታየት የነበረበት ክረምት በሦስት ቦታ ተቆራርጦ ይወጣል፤ አንባቢውም ዝናቡ በዓመት ሦስት ጊዜ እንደሚበረታ አድርጎ ሊረዳው ይችላል። መፍትሔው ወሩን ከዓመቱ ጋር አጣምሮ እንደ `2015-01-01` ወዳለ ትክክለኛ የቀን ዓይነት መለወጥ ነው።

ባዶ ሴሎችም ትኩረት ይሻሉ፤ የ `melt` ትእዛዝ ያልተለካውን ወር ባዶ ዋጋ ሰጥቶ ረድፉን ሲያቆየው፣ የኤክሴሉ ፓወር ኩዌሪ ግን በተመሳሳይ ሥራ ጊዜ ባዶውን ረድፍ ይጥለዋል። ስለዚህ ረድፎቹ ከ36 ካነሱ፣ የጎደለው ወር ተለይቶ ሳይታወቅ ግራፉ መሠራት የለበትም።