ገበያ ሲቀዘቅዝ ከምን ይከፈላል?

ቤቷ ተቀምጣ ልብስ የምትሰፋ ሴት አነስተኛ ብድር ልትጠይቅ ስትሄድ «የንግድ ዕቅድ አዘጋጅተሽ ነይ» ትባላለች። ይህን የሰማች ሁሉ ቀጥ ብላ የምትሄደው ሰፈር ውስጥ ወዳለ ኮምፒውተር ቤት ነው። እዚያ ለዶሮ እርባታም ለብሎኬት ማምረቻም ያገለገለ ዕቅድ አለ፤ ስሙ ተቀይሮ፣ «ራዕይ» እና «ተልዕኮ» እንዳሉ ቀርተው፣ ታትሞ ይሰጣታል። የብድር ባለሙያው ያንን ወረቀት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያየው መገመት አይከብድም። የሚፈልገው ነገር ደግሞ ውስጡ የለም።

የሚፈልገው አንድ ገጽ ይበቃዋል። ሰፊዋ ምን እንደምትሰፋ፣ በገንዘቡ ምን እንደምትገዛ፣ በወር ስንት እንደሚተርፋት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥራ በሚጠፋበት ወር ክፍያውን ከየት እንደምታመጣ የሚናገር ገጽ። የመጨረሻው ጥያቄ በአብዛኞቹ ዕቅዶች ውስጥ አይነሳም። እኔ ግን ገጹ ከእሱ ቢጀመር እመርጣለሁ።

የልብስ ሰፊ ዓመት ወጥ አይደለም። ነሐሴና ጳጉሜን የተማሪ ዩኒፎርምና የአዲስ ዓመት ልብስ ይዘው ይመጣሉ። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ከፋሲካ በኋላም ሠርግ ይመለሳል። በሁለት ወር ገደማው ዐቢይ ጾም ግን ኦርቶዶክሱ አይሞሸርም፣ አዲስ ቀሚስ የሚያሰፋም ይቀንሳል። ሐምሌም ዝናቡ ደንበኛን ቤቱ ያስቀምጣል። ብድሩ ይህን አያውቅም። የወር ክፍያ በጥርም በሐምሌም እኩል ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ዋጋዎቹ ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዷ ሰፊ በራሷ ሰፈር ዋጋ ትተካቸዋለች። ባለሙያዋ አዲስ አበባ ውስጥ በቤቷ አንድ የፔዳል ማሽን አላት። ጨርቁን ደንበኛዋ ታመጣለች፣ እሷ የእጅ ዋጋ ትቀበላለች። ለአንድ ቀሚስ 600 ብር ታስከፍላለች። ከዚህ ላይ ለዚፕ፣ ለክር፣ ለገበርና ለኦቨርሎክ 140 ብር ይወጣል፤ 460 ብር ይቀራታል። በደህና ወር 20 ቀሚስ ስትሰፋ 9,200 ብር፣ ሱሪ ከማሳጠርና ዚፕ ከመቀየር ደግሞ 2,800 ብር፣ በድምሩ 12,000 ብር ታገኛለች። መብራት፣ ትራንስፖርትና የማሽን ጥገና 1,000 ብር ይወስዳሉ። ለቤት ወጪ የምታነሳው 7,000 ነው። ስለዚህ በደህና ወር 4,000 ብር ይተርፋታል።

የቤት ወጪውን ሆን ብዬ አስገብቻለሁ። ብዙ ሰፊዎች ዕቅድ ሲጽፉ ይተዉታል፤ 11,000 ብር «ትርፍ» ብለው ያስቀምጡና ዕዳውን በእሱ ይለኩታል። ልጆች ግን የሚበሉት ከዚያው ነው። ልምድ ያለው የብድር ባለሙያ የቤተሰቡን ቁጥር ጠይቆ ይህን ራሱ ይቀንሳል፤ ቀድማ የቀነሰችው ከሆነ ሌሎቹንም ቁጥሮቿን ያምናታል።

አሁን የቀዘቀዘውን ወር እንይ። ቀሚሱ በግማሽ ወርዶ 10 ይሆናል፤ 4,600 ብር ማለት ነው። ጥገናው ግን አይወርድም፤ ኑሮ ሲጠብቅ ሰው አሮጌውን ያሳጥራል፣ ያስጠብባል እንጂ አይጥልም። 2,800 ብር ስንጨምርበት 7,400 ይሆናል። ከዚህ ላይ ወጪው 1,000 ሲነሳ 6,400 ይቀራል፤ ለቤት ከሚያስፈልገው 600 ብር ይጎድላል። ብድር ሳይኖርባት ነው ይህ።

የመጀመሪያ ሐሳቧ 60,000 ብር መበደር ነበር እንበል፤ ለኦቨርሎክ ማሽን፣ ለጨርቅ መግዣ፣ ለመስታወትና ለልብስ መስቀያ። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ሆኖ በቀሪ ዕዳ ላይ ቢታሰብ የ12 ወር ክፍያው በየወሩ 5,500 ብር ይሆናል። ጠንካራው ወሯ እንኳ የሚተርፋት 4,000 ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚያደርገው ስህተት ቀሚሱን ከ20 ወደ 35 ማሳደግ ነው፤ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ባለሙያው ግን ቤቷ መጥቶ ማሽን ይቆጥራል፣ ገመድ ላይ የተንጠለጠለውን ልብስ ያያል፣ ደብተሯን ይገልጣል። አንዲት ሴት ልጅ እያሳደገች በአንድ ፔዳል ስንት ቀሚስ እንደምትጨርስ ያውቃል። ልብስ ሰፊ «ነገ ነይ» በማለት ለምን እንደሚታማ እሱም ሳይሰማ አልቀረም።

ስለዚህ የተጠየቀው ገንዘብ ይቀነሳል። ጨርቁ ይውጣ፤ ደንበኛ ራሷ ይዛ በምትመጣበት ሥራ ገዝቶ መደርደር ገንዘብን መደርደሪያ ላይ ማሰር ነው። ለክርና ለዚፕ የሚያስፈልገው ከደንበኛ ቀብድ ይገኛል፤ ዋጋውን ግማሽ መቀበል ሰፍተው የተዉትን ልብስ ይዞ ከመቅረትም ያድናል። መስታወቱም ይቆይ። የሚቀረው ኦቨርሎኩ ነው፣ እሱም ምክንያት አለው። የጨርቁን ጫፍ እየቆረጠ የሚጠቀልለው ይህ ማሽን ስለሌላት እያንዳንዱን ቀሚስ ተሸክማ ሌላ ሰፊ ዘንድ ትሄዳለች፣ ተራ ትጠብቃለች፣ በቀሚስ 40 ብር ትከፍላለች።

ማሽኑ ከነጠረጴዛውና ከነሞተሩ 30,000 ብር ነው እንበል። ከእቁብ 6,000 ብር አላት፤ 24,000 ትበደራለች። የወር ክፍያው 2,200 ብር ይሆናል።

ገጹ ላይ የምትጽፈው ስሌት እንግዲህ ይህ ነው። ማሽኑ ሲመጣ በቀሚስ 40 ብር ይተርፋታል። በደህና ወር ከ4,000 ብሩ ላይ 800 ይጨመራል፣ ክፍያው 2,200 ይቀነሳል፣ 2,600 ይቀራል። በቀዘቀዘው ወር 400 ብር ብቻ ነው የሚጨመረው፤ ከክፍያው ጋር 2,400 ብር ይጎድላታል። የአንድ ደህና ወር ትርፍ የአንድ ቀዝቃዛ ወር ጉድለት ይሸፍናል፣ 200 ብርም ይተርፋል። በዓመት ውስጥ ቀዝቃዛዎቹ ወራት ሦስት ወይም አራት ከሆኑ ብድሩ ይከፈላል፤ ሰባት ከሆኑ አይከፈልም። ይህን ከደብተሯ ቆጥራ መጻፍ አለባት።

ከሌሎች ሰፊዎች የሚመጣ የኦቨርሎክ ሥራም ይኖራል፤ ተራ ስትጠብቅ አብረዋት የሚቆሙትን በስም ታውቃቸዋለች። በወር 50 ልብስ ቢያመጡላትና ከእያንዳንዱ 30 ብር ቢተርፋት 1,500 ብር ነው፤ የቀዝቃዛው ወር ጉድለት ወደ 900 ይወርዳል። ይህን ግን ለብቻው በሌላ መስመር ታስቀምጠው። ብድሩ ያለ እሱ መከፈል የሚችል ከሆነ ጭማሪ ነው፤ ብድሩን የሚያቆመው እሱ ብቻ ከሆነ ግን ዕቅዱ የቆመው በሌሎች ሰዎች ፈቃድ ላይ ነው፣ ያን ጊዜ ብድሩ ይቅርባት።

ጊዜው ራሱ ገንዘብ ነው። ብድሩን ሰኔ ላይ ብትወስድ የመጀመሪያው ክፍያ የሚደርሰው ሐምሌ ላይ ይሆናል፤ ገና ምንም ሳትይዝ በቀዝቃዛው ወር ትጀምራለች። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ብትወስድ የነሐሴና የጳጉሜን ሥራ ይቀበላታል። አበዳሪው የእፎይታ ወር የሚሰጥ ከሆነም ለየትኛው ወር እንደምትፈልገው ምክንያቱን አንድ መስመር ጽፋ ትጠይቅ። ቁጥሩ ስላለ ጥያቄው ልመና አይመስልም።

የወለዱ አቆጣጠርም ከመፈረም በፊት ይጠየቅ። «18 በመቶ» ሲባል ዕዳው እየቀነሰ ሲሄድ ወለዱም አብሮ ይቀንሳል ወይስ እስከ መጨረሻው በ24,000ው ላይ ይታሰባል? በመጀመሪያው መንገድ የዓመቱ ወለድ ወደ 2,400 ብር ነው፤ በሁለተኛው 4,320። በወር 160 ብር ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለተኛው በቀሪ ዕዳ ሲሰላ ወደ 32 በመቶ ይጠጋል። የአገልግሎት ክፍያና የግዴታ ቁጠባ ከብድሩ ላይ ተቆርጦ እንደሆነም ማወቅ ያስፈልጋል፤ 24,000 ፈርማ 21,600 ብር እጇ ከገባ ማሽኑ አይገዛም።

ሌላው ወረቀት ፕሮፎርማ ነው፤ ብዙ ጊዜ ችግር የሚፈጠረውም እዚህ ነው። የፋብሪካ ኦቨርሎክ ሞተሮች አንዳንዶቹ በሦስት ፌዝ፣ በ380 ቮልት የሚሠሩ ናቸው፤ መኖሪያ ቤት የሚገባው መስመር አብዛኛውን ጊዜ ባለ 220 ቮልት ሲንግል ፌዝ ነው። ማሽኑ ተገዝቶ ቤት ከገባ በኋላ ይህ ከታወቀ ሞተር መቀየር ግድ ይሆናል፣ ያ ወጪ ደግሞ ዕቅዱ ውስጥ የለም። ፕሮፎርማው የሞተሩን ዓይነት፣ ጠረጴዛ መኖሩን፣ ባለ ሦስት ወይስ ባለ አራት ክር መሆኑን ይናገር። የፔዳል ማሽኑን ግን አትሽጠው፤ መብራት ሲጠፋ ኦቨርሎኩ ይቆማል፣ ፔዳሉ ይሰፋል።

ስለ ዋስትናም አንድ ነገር። አገራችን የማይክሮፋይናንስ ተቋማትን በአዋጅ ቁጥር 40/1988 ከፈቀደች ወዲህ ድሃ ተበዳሪዎች የሚታወቁት በቡድን ዋስትና ነው፤ አንዷ ካልከፈለች ሌሎቹ ይከፍሉላታል። ቡድኗ ሁሉ ልብስ ሰፊ ከሆነ ይህ ለእሷ አደጋ አለው፤ በጾሙ ሁሉም አብረው ይቀዘቅዛሉና። እንጀራ ሻጭና የዶሮ ነጋዴ የተቀላቀሉበት ቡድን ይሻላታል። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና ሆኖ እንዲመዘገብ ፈቅዷል፤ ስለዚህ የምትገዛው ማሽን ራሱ ዋስ መሆን ይችል እንደሆነ አበዳሪውን መጠየቅ ትችላለች። ያ ከሆነ መክፈል ሲያቅታት የሚሄደው እንጀራዋ የሚጋገርበት ማሽን መሆኑን አውቃ ትፈርም፤ ገጹ ላይ ያለው የቀዝቃዛ ወር መስመርም ከሌላው ሁሉ በፊት ሁለቴ የሚቆጠረው ለዚህ ነው።