ጤፉን ያበቀለው ድኙ ነው ወይስ ዩሪያው?

አንድ የግብርና ተማሪ በመምህራኑና በጓደኞቹ ፊት ቆሞ የጤፍ ሙከራውን ሲያቀርብ ይታሰብ። ኤንፒኤስ ያገኘው መደብ ምንም ካልተጨመረበት መደብ ብልጫ ስላሳየ፣ «የአካባቢው አፈር ድኝ ያንሰዋል» ብሎ ይደመድማል። ግራፉም ያምራል። ታዲያ ልዩነቱ ከድኝ መምጣቱን በምን አወቀ?

መቶ ኪሎ ኤንፒኤስ በውስጡ 19 ኪሎ ናይትሮጅን፣ በፎስፌት ሲሰላ 38 ኪሎ ፎስፈረስ እና 7 ኪሎ ድኝ ይዟል። ጤፉን ያፋፋው ናይትሮጅኑ ብቻ ሊሆን ይችላል። ባዶው መደብ የሚያሳየው ማዳበሪያ ከምንም እንደሚሻል ነው፤ ይህን ደግሞ ገበሬው ያለ ጥናትም ያውቀዋል። ድኙን ነጥሎ ለማየት ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ድኙ ብቻ የጎደለበት ማነጻጸሪያ መደብ ያስፈልጋል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 41 ኪሎ ያህል ዩሪያ 19 ኪሎውን ናይትሮጅን ይተካል፣ 83 ኪሎ ያህል ቲኤስፒ ደግሞ ፎስፌቱን ይሞላል። በኋላ የሚጨመረው ዩሪያም ለሁለቱም መደቦች እኩል መሆን አለበት።

«ስንት ጊዜ ደገምከው?» ቀጣዩ ጥያቄ ነው። «ከእያንዳንዱ መደብ አምስት ቦታ አጭጃለሁ» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ ይህ ግን ድግግሞሽ አይደለም። መደቡ የቀድሞ በረት ላይ ካረፈ፣ አምስቱም ናሙናዎች የሚመሰክሩት ስለ ፍጉ ነው። ድግግሞሽ የሚባለው ማሳውን በሦስት ወይም በአራት ብሎክ ከፍሎ፣ ሁሉንም የማዳበሪያ ዓይነቶች በየብሎኩ እንደገና በዕጣ መደልደል ነው። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ እያንዳንዱ ብሎክ ቁልቁል ሳይሆን አግድም ይዘረጋል፤ አለዚያ ከላይ ታጥቦ የወረደው ለም አፈር ለታችኛው መደብ ያደላል። ሚዛኑም ይፈተሽ። በ10 ካሬ ሜትር መደብ ላይ የ100 ግራም ስህተት ወደ ሄክታር ሲለወጥ አንድ ኩንታል ይሆናል።

ተማሪዎች እምብዛም የማይዘጋጁበት ጥያቄ የቦታው ታሪክ ነው። በአፈር ውስጥ ያለው ድኝ በአብዛኛው የሚገኘው ከብስባሽ ስለሆነ፣ ፍግና አመድ የሚደፋበት የጓሮ መሬት ድኝ ላይጎድለው ይችላል። ከሰፈር ርቆ ለዓመታት ሲታረስ የኖረ፣ ገለባው ለከብት የሚሄድ ማሳ ግን ሊጎድለው ይችላል። ስለዚህ ሙከራው የት ተሠራ? ከመዘራቱ በፊት አፈሩ ተመርምሯል? አምና ምን ተዘርቶበት ነበር? መረሬ አፈር ከሆነ ክረምቱን ውሃ አቁሮ ነበር? ውሃ የተኛበት ጤፍ በናይትሮጅን እጥረትም ቢጫ ስለሚሆን፣ ቅጠሉን በዓይን አይቶ ድኝ አነሰው ማለት አያዋጣም።

በአንድ ማሳና በአንድ ክረምት የተሠራ ሙከራ ለመመረቂያ ጽሑፍ ሊበቃ ይችላል። በዚያው ውጤት ብቻ ለወረዳው ገበሬ ሁሉ የማዳበሪያ ምክር ከተሰጠ ግን መምህሩ ያን የማጠቃለያ አንቀጽ ማሰረዝ አለበት።