ጣሪያው ጥግ ላይ ያለው ስፕሪንክለር

የመጋዘኑ ባለቤት በር ላይ የተገጠመውን የግፊት መለኪያ እያሳየ «8.2 ባር አለን፤ ታዲያ ምን ጎደለን?» ቢል አልተሳሳተም። ችግሩ መርፌው የሚያሳየው የቆመ ውሃን ግፊት መሆኑ ነው። ቤት ውስጥ ሻወር እየወሰዱ ሳለ ኩሽና ያለ ሰው ቧንቧ ሲከፍት ውሃው ይቀጥናል። የመጋዘን ስፕሪንክለር ስሌትም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ውሃው መሮጥ ሲጀምር ከግፊቱ ስንት ይቀራል? ያ የቀረውስ መጨረሻ ላይ ላለው ይበቃል?

ጉዳዩን በምሳሌ እንየው። ጣሪያው 9 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ በካርቶን የታሸገ ዕቃ በመደርደሪያ ላይ እስከ 7.6 ሜትር የሚከመርበት መጋዘን አለን እንበል። ለእንዲህ ዓይነቱ ክምር ከተዘጋጁት መሣሪያዎች አንዱ ቶሎ የሚከፈት፣ ብዙ ውሃ የሚያፈስና እሳቱን ገና በጅምሩ ለማፈን የታሰበ ስፕሪንክለር ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ቁጥር 13 ደረጃ ለዚህ ስፕሪንክለር የሚያስቀምጠው መነሻ፣ 12 ስፕሪንክለሮች በአንድ ጊዜ ቢከፈቱ እያንዳንዱ ቢያንስ 3.5 ባር ገደማ ግፊት እንዲያገኝ ነው። አሥራ ሁለቱ በሦስት ቅርንጫፍ ቧንቧዎች ላይ አራት አራት ሆነው ይቆጠራሉ። ሌላው ጣሪያ ላይ ያለው በሙሉ ዝግ ነው፤ ስፕሪንክለር የሚከፈተው ሙቀት የደረሰበት ብቻ ነውና ፊልም ላይ እንደምናየው ሁሉም አብረው አይረጩም።

የትኞቹ አሥራ ሁለት ናቸው የሚቆጠሩት? ውሃ ለማግኘት በጣም የሚቸገሩት። የመስኖ ቦይ ጫፍ ላይ ያለ ገበሬ ከጠጣ ከላይ ያሉት ሁሉ እንደጠጡ እናውቃለን። ሆኖም በሜትር የራቀው ሁልጊዜ የባሰበት አይደለም። ቀረብ ብሎ በቀጭን ቧንቧና በብዙ ክርን የሚመገብ ጥግ፣ ሩቅ ሆኖ በወፍራም ቧንቧ ከሚመገበው ሊብስ ይችላል። ስለዚህ መሐንዲሱ የጠረጠራቸውን ሁለት ሦስት ቦታዎች አስልቶ ከፍተኛውን ግፊት የሚጠይቀውን ይይዛል።

ስሌቱ የሚጀምረው ከጫፉ ስፕሪንክለር ነው፤ ከዚያ ወደ ውሃው ምንጭ እየተጓዘ ይመለሳል። ከአንድ ስፕሪንክለር የሚወጣው ውሃ Q = K√P በሚለው ቀመር ይገኛል። K የቀዳዳውን ስፋት የሚወክል ቁጥር ሲሆን በእኛ ምሳሌ 200 ነው። በ3.5 ባር የመጨረሻው ስፕሪንክለር በደቂቃ 374 ሊትር ያፈሳል ማለት ነው። ይህ ውሃ ወደ እሱ ሲመጣ በ50 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ውስጥ 3 ሜትር ተጉዟል፤ ሰበቃውም 0.06 ባር ያህል በልቶበታል። ስለዚህ ቀጥሎ ያለው ስፕሪንክለር የሚያገኘው 3.56 ባር ነው፤ የሚያፈሰውም 377 ሊትር። ሦስተኛው ጋ ስንደርስ በመሃል ያለው ቧንቧ የሁለቱን ውሃ ስለሚሸከም የሚበላው ግፊት ወደ 0.23 ባር ይዘላል። ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን ሰበቃው እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ወደ ሦስት ተኩል እጥፍ ይጠጋል። አራተኛው ላይ ቧንቧውን ወደ 65 ሚሊ ሜትር ብናሳድገውም ግፊቱ 4 ባር፣ ፍሰቱም 400 ሊትር ይሆናል።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። 374ን በ12 አባዝቶ 4,490 ሊትር ብሎ ይዘጋል። ለምንጩ የቀረቡት ስፕሪንክለሮች ግን ከድርሻቸው በላይ ይወስዳሉ፤ «ይበቃኛል» አይሉም። ሦስቱ ቅርንጫፎች በትክክል ሲደመሩ ፍላጎቱ 4,700 ሊትር ገደማ ይደርሳል።

ከዚያ ግፊቱን እንደምራለን። ከ4 ባር ተነስተን ቅርንጫፉ ከዋናው ጋር እስኪገናኝ 0.6፣ በ150 ሚሊ ሜትሩ ዋና ቧንቧ 0.85፣ ውሃውን ወደ ጣሪያ ለማንሳት 0.85፣ በመግቢያው ቫልቭ 0.2፣ ከመሬት በታች ባለው መስመርና ውሃ ወደ ከተማው መረብ እንዳይመለስ በሚከለክለው ቫልቭ ደግሞ 0.5። ድምሩ 7 ባር ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከውጭ ካለው ሃይድራንት ለሚጠቀሙበት ቱቦ 950 ሊትር ሲጨመር፣ ከተማው መስመር ላይ ያለን ፍላጎት በደቂቃ 5,650 ሊትር በ7 ባር ይሆናል። ያ ሁሉ ድካም በግራፍ ላይ አንዲት ነጥብ ሆነች።

አሁን አቅርቦቱን እንለካ። ለዚህ ሁለት ሃይድራንት ያስፈልጋል። አንዱ ላይ የግፊት መለኪያ ይገጠማል፤ ሌላው ተከፍቶ ውሃው ይለቀቃል፣ ፍሰቱም ይለካል። በምሳሌያችን ሳይከፈት 8.2 ባር ነበር፤ በደቂቃ 3,800 ሊትር ሲፈስ ወደ 7 ባር ወረደ። እነዚህ ሁለት ነጥቦች መስመሩን ለመሳል ይበቃሉ። ፍሰቱ በ1.85 ኃይል በተመጠነ ልዩ የግራፍ ወረቀት ላይ ኩርባው ቀጥ ያለ መስመር ስለሚሆን በማስመሪያ ብቻ ይሰመራል።

መስመሩ 5,650 ሊትር ላይ ሲደርስ የሚያሳየው 5.7 ባር ነው። የእኛ ነጥብ ከመስመሩ በላይ በ1.3 ባር ተንጠልጥላለች፤ ሥርዓቱ አይሠራም። ባለቤቱ በኩራት ያሳየን 8.2 ባር እውነት ነበር፣ ግን ያ ቁጥር የሚገኘው ማንም ውሃ በማይወስድበት ሰዓት ነው። ልኬታው ሌሊት፣ ከተማው ተኝቶ ሳለ ከተደረገም መስመሩ ከእውነታው በላይ ይሰመራል።

የመጀመሪያው ሐሳብ ቧንቧ ማወፈር ነው። ዋናውን ወደ 200፣ የቅርንጫፉን መጨረሻ ወደ 80 ሚሊ ሜትር ብናሳድግ አንድ ባር ያህል እናተርፋለን። ጥሩ ነው፤ ግን አሁንም 0.3 ይጎድላል። የስፕሪንክለሩን 3.5 ባርና የከፍታውን 0.85 ደግሞ የትኛውም ቧንቧ አይቀንሳቸውም። የቀረው ፓምፕ ነው። በዚያ ፍሰት 2 ባር የሚጨምር ፓምፕ ሲገባ፣ ቧንቧው እንዳለ ሆኖ 7.7 ባር እናገኛለን፤ ለመጠባበቂያም 0.7 ይተርፋል። «እንግዲያው ትልቁን እንግዛ» ማለት ግን ያስቸግራል፤ ፓምፕ ውሃ ሳይፈስ ሲሽከረከር እስከ 40 በመቶ የበለጠ ግፊት ሊሰጥ ይችላል፣ ያም በቆመው 8.2 ላይ ይደመራል። ለ12 ባር የተሠሩ መገጣጠሚያዎች እንዳይፈነዱ ይህም መታየት አለበት።

እንደ አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የከተማው መስመር ላይ የተመሠረተ ስሌት ከወረቀት አያልፍም። መጋዘኑ የራሱን ታንከር ይሠራል፤ ለአንድ ሰዓት 5,650 ሊትር በደቂቃ ከተባለ ወደ 340 ሜትር ኩብ ነው። በግራፉ ላይ የከተማውን መስመር የሚተካው የፓምፑ ኩርባ ይሆናል። እዚህ ላይ ግን እሳቱ በሩቁ ጥግ ሳይሆን ለፓምፑ በቀረበው ቢነሳስ? ሰበቃው ስለሚያንስ እነዚያ 12 ስፕሪንክለሮች የበለጠ ያፈሳሉ፣ ታንከሩም ሰዓቱ ሳይሞላ ሊደርቅ ይችላል። ስለዚህ የግፊቱ ስሌት በሩቁ ጥግ፣ የታንከሩ ስሌት ግን በቅርቡ ጥግ ቢፈተሽ ይሻላል።

መጋዘን የሚከራይ ሰው ይህን ሁሉ ማስላት አይጠበቅበትም። በዋናው ቫልቭ አጠገብ ቧንቧው ላይ የተንጠለጠለ ሰሌዳ መኖር አለበት፤ የተሰላበት ፍሰትና ግፊት፣ የዕቃው ዓይነትና የክምሩ ከፍታ ይጻፍበታል። የማፍሰሻውን ቫልቭ በየዓመቱ ከፍቶ መርፌው ስንት ላይ እንደሚቆም መመዝገብም ይቻላል። አምና 6.8 ላይ ይቆም የነበረ ዘንድሮ 5.5 ላይ ከቆመ፣ በግማሽ የተዘጋ ቫልቭ አለ ወይም የከተማው መስመር ተዳክሟል። ሰሌዳው 7.6 ሜትር በካርቶን የታሸገ ዕቃ ይላል፤ መደርደሪያው ላይ ግን የኤሮሶል ጣሳ ተደርድሯል እንበል። በ1982 በፔንሲልቫኒያ ፎልስ ታውንሺፕ የኬማርት ግዙፍ ማከፋፈያ መጋዘን ሲቃጠል እሳቱ የተነሳው ከእንዲህ ዓይነት ጣሳዎች መካከል ነበር፤ መጋዘኑ ስፕሪንክለር ነበረው።