የአንድ ወር አጫጭር የቃል መልእክት በአንድ ቀን መቅረጽ

በየዕለቱ የሁለት ደቂቃ መልእክት በቪዲዮ ለማቅረብ የጀመሩ አገልጋዮች ሊያቋርጡ ይችላሉ። በየቀኑ ቦታ መፈለግና ካሜራ መትከል ስለሚያደክም ነው። የወሩን 30 መልእክት በአንድ ቀን መቅረጽ ይቻላል፤ ይህም አስቀድሞ በተጻፈ ዝርዝር ይሠራል።

ለሐይቅና አምባሰል የሚሆን አንድ አሠራር እንመልከት። ሦስት ቦታ እንምረጥ፦ የሐይቁ ዳር (ከእስጢፋኖስ ገዳም ክልል ውጭ)፣ መስኮት ያለው ክፍል፣ የአምባሰል ተራሮች የሚታዩበት ሜዳ። ለእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ልብስ ይመደብ። እንግዲህ 6 ምድብ አለን፤ በእያንዳንዱ 5 መልእክት ሲቀረጽ 30 ይሞላል። የመጀመሪያው ምድብ ቀን 1፣ 7፣ 13፣ 19 እና 25 ይሆናል፤ ሁለተኛው 2፣ 8፣ 14፣ 20 እና 26፤ ሌሎቹም እንዲሁ። ቦታዎቹ በተራ ከተፈራረቁ ተመልካቹ ያንኑ ልብስ የሚያየው ከስድስት ቀን በኋላ ነው፤ ተናጋሪው ግን ልብስ የሚለውጠው 5 ጊዜ ብቻ ነው።

ሐይቁ ዳር ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ተኩል ይቀረጽ፤ ነፋስ ሲነሳ ድምፅ ይበላሻል። ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ስትሆን ዓይን ሥር ጥላ ስለሚጥል ወደ ክፍሉ እንግባ። ተራራው ለ10 ሰዓት ይቆይ። ፀሐይዋ ከተናጋሪው ጀርባ ከሆነች ፊቱ ይጠቁራል፤ ስለዚህ ከቀረጻው በፊት በዚያው ሰዓት ሄዶ ማየት ይገባል።

ልብስን በተመለከተ፣ ቀጫጭን መስመር ያለው ሸሚዝ በስክሪን ላይ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። ደማቅ ነጭ በፀሐይ ያንጸባርቃል። ጋቢ ከለበሳችሁ ማይክሮፎኑ ከጨርቁ በላይ ይሁን፤ ከሥር ከሆነ ሲታሽ ይሰማል። የእያንዳንዱ ምድብ የመጀመሪያ ቀረጻ በጆሮ ማዳመጫ ሳይሰማ ወደሚቀጥለው አይታለፍ። ተናጋሪው በመጀመሪያ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገር፤ በኋላ ፋይሎቹ አይደባለቁም። ድምፅ እየቆየ ስለሚደክም፣ ከባዱ መልእክት ጠዋት ይቀረጽ።

ሆኖም ይህ አሠራር ወሰን አለው። «ዛሬ ጠዋት» ወይም «በዚህ ሳምንት» የሚል ቃል በሚወጣበት ቀን ሐሰት ሊሆን ይችላል። ከዚህ የሚከብድም አለ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ብዙዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። እንዲህ ባለ ሳምንት፣ ከወር በፊት በፈገግታ የተቀረጸ ስለ በረከት የሚናገር መልእክት በራሱ ሰዓት ቢወጣ፣ የተጎዳውን ልብ ያቆስላል። ስለዚህ ሁለት ነገር ይደረግ። በየማለዳው አንድ ሰው የዕለቱን መልእክት አይቶ የማስቆም ሥልጣን ይኑረው። ከ30ው በተጨማሪም ቀን የሌላቸው ሁለት የመጽናኛ መልእክቶች በጸጥታ ተቀርጸው ይቀመጡ።

ጌታ አገልግሎታችሁን ይባርክ።