እየተመረተ እየተሸጠ፦ በአንድ ዙር ስንት ማምረት ያዋጣል?

አንድ ማሽን የተለያዩ ዕቃዎችን ተራ በተራ የሚያመርት ከሆነ፣ ተራ በቀየረ ቁጥር ወጪ ያስከትላል። ሞልዱ ይፈታል፣ ሌላው ይገጠማል፣ ሠራተኛው ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል፣ የመጀመሪያዎቹ የሙከራ ምርቶችም ይጣላሉ። በአንድ ዙር ብዙ ቢመረት ይህ የዝግጅት ወጪ ይቀንሳል፤ ዕቃው ግን መጋዘን ውስጥ ተከማችቶ ገንዘብና ቦታ ይይዛል። ጥቂት በጥቂት ቢመረት ደግሞ ክምችቱ ቀንሶ ዝግጅቱ ይደጋገማል። የሁለቱ ወጪዎች ድምር ዝቅተኛ የሚሆንበት የአንድ ዙር መጠን ኢኮኖሚያዊ የምርት መጠን ይባላል።

አሜሪካዊው መሐንዲስ ፎርድ ሃሪስ በ1913 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት ዕቃው በሙሉ በአንድ ጊዜ መጋዘን እንደሚገባ ያስባል። ከውጭ ተገዝቶ በመኪና ለሚራገፍ ዕቃ ይህ ይሠራል። ፋብሪካ ውስጥ ግን ዕቃው በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይገባል፤ ማሽኑ ገና እየሠራ ሳለም ይሸጣል። ይህን ሁኔታ በስሌቱ ያካተተው ኢ. ደብሊው. ታፍት ሲሆን፣ ሥራውን ያሳተመው በ1918 እ.ኤ.አ. ነው።

ልዩነቱን ለማየት በቀን 500 ጀሪካን ማምረት የሚችልና በቀን 300 የሚሸጥ ፋብሪካ ይታሰብ። ማሽኑ በሚሠራባቸው ቀናት መጋዘን ውስጥ የሚጨመረው 500 ሳይሆን 200 ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ 5 ጀሪካን 3ቱ ወዲያው ይወጣሉና ለክምችት የሚተርፈው 40 በመቶው ነው። ስለዚህ ክምችቱ የዙሩን ሙሉ መጠን ያህል ከፍ አይልም። የማከማቻ ወጪው ከታሰበው ስለሚያንስም ዙሩን ማስረዘም ያዋጣል። ቀመሩ የሚከተለው ነው፦

```
Q = √( 2DK / ( h(1 − d/p) ) )
```

Q በአንድ ዙር የሚመረተው መጠን፣ D የዓመቱ ሽያጭ፣ K የአንድ ዙር የዝግጅት ወጪ፣ h አንድን ዕቃ ለአንድ ዓመት የማቆየት ወጪ ነው። d የቀን ሽያጭ፣ p ደግሞ የቀን ምርት ነው።

ፋብሪካው በዓመት 300 ቀን ቢሠራ ሽያጩ 90,000 ጀሪካን ይሆናል። አንድ ዝግጅት 2,000 ብር፣ አንድ ጀሪካን ዓመት ማቆየት 25 ብር ቢያስወጣ፣ ቀመሩ 6,000 ይሰጣል። ማሽኑ 12 ቀን ጀሪካን ያመርታል፤ በ12ኛው ቀን መጨረሻ መጋዘኑ ውስጥ 2,400 ይገኛል። ይህ ክምችት ለቀጣዮቹ 8 ቀናት ሽያጭ ይበቃል፤ በእነዚያ ቀናት ማሽኑ ሌላ ዕቃ ይሠራበታል። በዓመት 15 ዙር ስለሚኖር የዝግጅቱ ወጪ 30,000 ብር ነው። አማካይ ክምችቱ 1,200 በመሆኑ የማቆያውም ወጪ 30,000 ብር ይሆናል። ጠቅላላው 60,000 ብር ነው። በሃሪስ ስሌት ቢኬድ ኖሮ ዙሩ ወደ 3,800 ይወርድ፣ ወጪውም ከ66,000 ብር ያልፍ ነበር።

ቁጥሩ ግን ነፍስ ግቢ ነፍስ ውጪ የሚያሰኝ አይደለም። ዙሩ 4,000 ወይም 9,000 ቢሆን ወጪው በሁለቱም በኩል 65,000 ብር ነው፤ ከዝቅተኛው የሚበልጠው 8 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ውጤቱን ለጥሬ ዕቃ ማሸጊያ ወይም ለሥራ ፈረቃ በሚመች ቁጥር ማስተካከል ብዙ አይጎዳም።

የሚጎዳው የስሌቱ መነሻ ከእውነታው ሲለይ ነው። ምርቱ ፍተሻ እስኪያልቅ ተይዞ ዙሩ ሲያበቃ በአንድ ላይ የሚለቀቅ ከሆነ፣ እየተመረተ እየተሸጠ ነው ሊባል አይችልም፤ የታፍትም ቀመር አይሠራም። የተበላሸ ምርትም ከቀን ምርቱ መቀነስ አለበት። ከ500ው 50 የሚጣል ከሆነ p 450 ነው። ይህን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ዙሩ ባለቀበት ቀን መጋዘኑን መቁጠር ነው። ቆጠራው ከ2,400 በእጅጉ ካነሰ ወይ ማሽኑ የተባለውን ያህል አላመረተም፣ ወይ ሽያጩ ጨምሯል። ሽያጩ ወደ ማሽኑ አቅም በተጠጋ መጠን ቀመሩ የሚሰጠው ዙር እየረዘመ ይሄዳል፤ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ማሽኑን ለሌላ ዕቃ ማዞር አይቻልም።

ሌላው ገደብ ቀመሩ አንድን ዕቃ ብቻ ማየቱ ነው። የቀሩት ዕቃዎች በ8ቱ ቀናት ውስጥ ተሠርተው የማያልቁ ከሆነ፣ ለሁሉም የሚሆን አንድ የጋራ ዑደት ማውጣት ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ ወጪውን የሚቀንሰው የዝግጅቱን ወጪ ማሳነስ ነው። ሞልድ የመቀየሩ ወጪ ከ2,000 ወደ 500 ብር ቢወርድ፣ ተስማሚው ዙር 3,000፣ የዓመቱም ወጪ 30,000 ብር ይሆናል። የዙሩን ቁጥር እያነሱ እየጣሉ ከማስላት ይልቅ ሞልድ የሚቀየርበትን ጊዜ ማሳጠር ይበልጥ ያተርፋል።