ባለቤቱ ሲሞት የቤቱ ኢንሹራንስ ምን ይሆናል?

የቤት ኢንሹራንስ ከአንድ ከታወቀ ሰው ጋር በስሙ የሚታሰር ውል ነው። ቤቱ ለልጅ ወይም ለእህት ሲወረስ ውሉ አብሮ አይወረስም። በአሜሪካ በብዛት የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ፖሊሲ (ኤች ኦ 3 የሚባለው) ኩባንያው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ውሉ ለሌላ ሰው ሊተላለፍ እንደማይችል በግልጽ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ባለቤቱ በሞተበት ቅጽበት ቤቱ ያለ ሽፋን አይቀርም። በዚሁ ፖሊሲ ውስጥ ስለ ሞት የተጻፈ አጭር አንቀጽ አለ፤ የወራሾች ዕጣ ፈንታ የሚወሰነውም በአብዛኛው በእሱ ነው።

አንቀጹ ሦስት ሰዎችን ይጠቅሳል። የመጀመሪያው የሟቹ ሕጋዊ ተወካይ፣ ማለትም በኑዛዜ የተሰየመው ወይም ፍርድ ቤት የሾመው የውርስ አስተዳዳሪ ነው። ሁለተኛው ሹመቱ እስኪጸድቅ ድረስ ንብረቱን በአግባቡ በእጁ ይዞ የሚጠብቀው ሰው ነው። ሦስተኛው ሟቹ በሞተበት ጊዜ አብሮት ይኖር የነበረ፣ በፖሊሲውም ተሸፍኖ የቆየ ቤተሰብ ሲሆን፣ ሽፋኑ የሚቀጥልለት እዚያው ቤት እስከኖረ ድረስ ብቻ ነው። አብሮ ይኖር የነበረ ባል ወይም ሚስት ቀድሞውንም በፖሊሲው ውስጥ እንደ ባለቤቱ ስለሚቆጠር የእነሱ ጉዳይ ቀላል ነው፤ ስም ማስተካከል ይበቃል። ሌላ ከተማ የሚኖር ልጅ ግን ወራሽ ስለሆነ ብቻ በዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ቤቱን ወርሶ፣ ቁልፉንም ይዞ፣ በፖሊሲው ዓይን ግን ባዕድ ሊሆን ይችላል።

ይህ ክፍተት ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በሜሪላንድ የሟች ንብረት በመጀመሪያ የሚተላለፈው ለውርስ አስተዳዳሪው ስለሆነ፣ ቤቱን በእጁ የያዘው ሰውና ፖሊሲው የሚያውቀው ሰው አንድ ናቸው። ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ሲደረስ ኑዛዜው ሌላ ካላዘዘ የቤቱ ባለቤትነት ከሞቱ ሰዓት ጀምሮ በቀጥታ ለወራሾች ይሆናል። የሞት አንቀጹ ደግሞ የሚናገረው ስለ ሕጋዊ ተወካይ ነው። ስለዚህ የቨርጂኒያ ወራሾች ስማቸውን በፖሊሲው ላይ ለማስፈር ከሜሪላንዶቹ ይበልጥ መቸኮል አለባቸው።

ሽፋኑ አለ ማለት ግን ኩባንያው ማናቸውንም ጉዳት ይከፍላል ማለት አይደለም። የመኖሪያ ቤት ፖሊሲ ዋጋው የሚተመነው ሰው ይኖርበታል ተብሎ ነው። ከሐዘን በኋላ የሚሆነው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ለቅሶው እስኪያልቅ ቤቱ በሰው ይሞላል፤ አርባው ከወጣ በኋላ ዘመድ ወደየሥራው ይመለሳል፣ ዕቃው ይከፋፈላል፣ በሩ ይቆለፋል። ቤት ዕቃውም ሰውም ሳይኖረው ከ60 ተከታታይ ቀናት በላይ ከቆየ፣ በመደበኛው ፖሊሲ መሠረት ሰው ሆን ብሎ የሚያደርሰው ውድመትና የመስታወት መሰበር አይከፈልም። በአንዳንድ ፖሊሲዎች ገደቡ 30 ቀን ነው። በቅዝቃዜ ምክንያት የሚፈነዳ ቧንቧ ደግሞ ከቀን ቆጠራው ውጭ የራሱ ሁኔታ አለው፤ ሰው የሌለበት ቤት ማሞቂያው እንዲሠራ ተገቢው ጥንቃቄ ካልተደረገ፣ ወይም ውኃው ከዋናው መስመር ተዘግቶ ቧንቧዎቹ ካልተራገፉ፣ ካሳ የለም።

በሲልቨር ስፕሪንግ ብቻዋን ትኖር የነበረች አንዲት እናት በኅዳር አጋማሽ ዐረፈች እንበል። ሁለቱ ልጆቿ የሚኖሩት በሌላ ግዛት ነው። አርባውን አውጥተው፣ የጋዝ ወጪ ለመቆጠብ ማሞቂያውን አጥፍተው ሄዱ። በጥር የኩሽናው ቧንቧ ቀዝቅዞ ፈነዳ፤ ውኃው ሳምንት ሙሉ ሲፈስ ሰንብቶ ወለሉን አነሳው፣ የምድር ቤቱንም ሞላው። ጉዳት ገማቹ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው የጋዝ ሂሳብ ነው። የጥር ፍጆታ ባዶ መሆኑን ሲያይ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። ልጆቹ ማሞቂያውን በ55 ዲግሪ ፋራናይት ላይ ትተውት ቢሆን ኖሮ፣ ያው ሂሳብ ለእነሱ ማስረጃ ሆኖ ይቆም ነበር፤ ካሳውም ለውርሱ አስተዳዳሪ ይከፈል ነበር። ጥቂት ዶላር ለመቆጠብ ተብሎ የቤተሰብ ቤት እንዲህ ሲበላሽ ያሳዝናል፤ ዋናውን የውኃ መዝጊያ ማዞርና የታችኛውን ቧንቧ ከፍቶ ማራገፍ ደግሞ አንድ ከሰዓት በኋላ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ሌላው አደጋ ድምፅ የለውም። የብዙ ሰው የኢንሹራንስ ክፍያ በየወሩ ከባንክ ሂሳቡ በራሱ ይቆረጣል። ባንኩ ሞቱን ሰምቶ ሂሳቡን ሲዘጋ ክፍያው ይቆማል፤ ማስጠንቀቂያውም ማንም በማይከፍተው የሟች ፖስታ ሳጥን ውስጥ ይከማቻል። ፖሊሲው የሚሰረዘው በሞቱ ምክንያት ሳይሆን ባልተከፈለ ሂሳብ ነው። ቤቱ ዕዳ ካለበት ደግሞ ባንኩ ራሱ ውድ ኢንሹራንስ ገዝቶ ሂሳቡን በዕዳው ላይ ይጨምረዋል፤ ይህም በዋናነት የባንኩን ጥቅም የሚጠብቅ እንጂ የወራሾችን ዕቃ የሚሸፍን አይደለም። እርግጥ በ1982 የወጣው የፌዴራል ሕግ፣ ቤቱ በሞት ምክንያት ለዘመድ በመተላለፉ ብቻ ባንኩ ዕዳውን በሙሉ አሁኑኑ ክፈሉ እንዳይል ይከለክለዋል። ወራሹ ግን ቤቱን በኢንሹራንስ የመጠበቅ ግዴታው ይቀጥላል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ለኩባንያው ወይም ለኢንሹራንስ ወኪሉ መደወል ያስፈልጋል። ኩባንያው የሞት ምስክር ወረቀትና የአስተዳዳሪነት ደብዳቤ ይጠይቃል። በሜሪላንድ ይህን ደብዳቤ የሚሰጠው የየካውንቲው የኑዛዜ መዝገብ ቤት ነው። ሰነዱ እስኪደርስ መጠበቅ አያሻም፤ ሞቱን፣ ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለና ክፍያው ከየት እንደሚመጣ ነግሮ፣ የተነገረበትን ቀንና ያነጋገሩትን ሰው ስም መመዝገብ ይበቃል። ደብዳቤው ሲመጣ ውሉ ላይ የሟቹ ውርስና አስተዳዳሪው በስም ይገባሉ። ቤቱ ባዶ የሚቆይ ከሆነ ኩባንያው ተጨማሪ ክፍያ ጠይቆ ሽፋኑን ያሰፋል፤ ካልፈቀደም ለባዶ ቤት የሚሸጥ የተለየ ፖሊሲ አለ። ቤቱ ባዶ መሆኑን ደብቆ ዋጋውን ዝቅ ማድረግ አይጠቅምም፤ ጉዳት ሲደርስ የመብራትና የውኃ ሂሳቡ ያጋልጣል።

ይህ ሁሉ ግን መሸጋገሪያ ነው። የባለቤትነት ሰነዱ በወራሹ ስም በተመዘገበበት ቀን አስተዳዳሪው በቤቱ ላይ የነበረው ጥቅም ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ በውርሱ ስም የቆየ ፖሊሲ ለአዲሱ ባለቤት ካሳ ላይከፍል ይችላል። አዲሱ ውል ከዚያው ቀን መጀመር አለበት። ወራሹ ራሱ የሚገባበት ከሆነ የመኖሪያ ቤት ፖሊሲ፣ የሚያከራየው ከሆነ የአከራይ ፖሊሲ ይገዛል፤ የመጀመሪያው ዓይነት ለተከራየ ቤት ሲቀርብ፣ ባለቤቱ ስለማይኖርበት ኩባንያዎች ካሳ ይከለክላሉ። ወንድምና እህት በጋራ ወርሰው አንዱ ብቻ ቢገባበትም የሁሉም ስም በፖሊሲው ላይ መስፈር ይኖርበታል፤ አለበለዚያ ቤቱ ቢቃጠል ስሙ የሌለው ወራሽ የድርሻውን ካሳ ለማግኘት ይቸገራል። አሮጌው ውል ሲዘጋ ያልተጠቀሙበት ክፍያ ይመለሳል፦ በዓመት 1,800 ዶላር የተከፈለበት ፖሊሲ አምስት ወር ሲቀረው ቢሰረዝ በቀናት ስሌት ወደ 750 ዶላር ይሆናል፤ ቼኩም የሚጻፈው ለአንዱ ልጅ ሳይሆን ለውርሱ ነው።